ጥያቄ አልባው ጥናት ይባረክ

እንደ መመረቂያ ጽሑፋችን ርዕስ ያለ ሰላማዊ ነገር በአገር አልተገኘም። «ረሃብ በወሎ፤ መንስኤው፣ ያስከተለው ጉዳትና መፍትሔው» ተብሎ ሽፋኑ ላይ ከሰፈረ በኋላ ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለ? ዝናብ ቢሉ ይገባል፤ የመሬት ሥሪት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የአንበጣ መንጋ ሁሉም ይገባል። ሰርግ ቤት ነው፤ ያልተጠራም በልቶ ይወጣል።

አማካሪው «የጥናቱ ጥያቄ የታለ?» ብሎ ቢያፋጥጥም መድኃኒት አለን። ርዕሱን ቆራርጦ ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት መሰካት ነው፦ የረሃቡ መንስኤ ምንድን ነው? ጉዳቱስ? መፍትሔውስ? ሦስት ጥያቄ ተገኘ፤ ርዕሱም እንደ ድሮው በሰላም አደረ።

ይህን ጥበብ ያልታደሉ ደግሞ አሉ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና በርዕስ ብቻ ረክቶ መቀመጥ አቃተው። ሰው ሁሉ «ድርቅ ገባ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝብ አለቀ» ብሎ የዘጋውን ጉዳይ ከፍቶ፣ ሰው የሞተው እህል ስለጠፋ ነው ወይስ እህል የሚያገኝበት አቅም ስላጣ? ሲል ነገር ፈለገ።

መዘዙን እዩት። እንዲህ የጠየቀ ሰው የዝናብ ሠንጠረዥ ገልብጦ አያርፍም፤ የገበያ ዋጋ ማሳደድ አለበት። ገዳዩ የእህል እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዢ ተሻምቶ ዋጋው ይንር ነበር። ያገኘው የደሴ ገበያ ዋጋ ግን ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። የወሎ ምርት መውደቁን ሴን አልካደም። ግን ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን ሸጦ የሚገዛበትም አብሮ ደረቀ፤ ገንዘብ የሌለው ራብተኛ ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ክርክሩ ከሰማይ ወደ ኪስ ወረደ፤ መፍትሔውም እህል መጫን ብቻ መሆኑ ቀረና ለተራበው ገንዘብ ወይም ሥራ መስጠትም መጣ። ምስኪኑ አንበጣ አንድ ምዕራፍ ሊይዝ ሲችል ቦታ አጣ!

ይህ ሁሉ ልፋት ምን አተረፈለት? ተከራካሪ። ደሴ የመኪና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መኪና የማይደርስበት የገጠር ገበያ ዋጋስ እንዴት ነበር? ብሎ የሚሞግት ሰው አይጠፋም፤ ሙግቱም ቀላል አይደለም። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጅልነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የት ቦታ ሊረታ እንደሚችል ራሱ ጠቁሞ ይሰጣል። የእኛን መቶ ገጽ ግን ማን ይነካዋል? መደምደሚያው «የሚመለከታቸው አካላት ድርሻቸውን ይወጡ» ይላል፤ እስቲ ተከራከሩት።