«1 ባርን = 10⁻²⁴» ብሎ ዝም ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። አዳማ ውስጥ የማስጠናቸው የፊዚክስ ተማሪዎች ሁሉ አንዲት ሀንድአውት ይዘው ይመጣሉ። ማን እንዳዘጋጃት አይታወቅም። ከባች ወደ ባች ፎቶ ኮፒ እየተደረገች እዚህ ደርሳለች። ፊደሏ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ስህተቷ ግን እንዳለ ነው። ልጆቹ ደግሞ ፈተና ላይ ቃል በቃል ይደግሙታል።

ጥያቄዋ ቀላል ናት። 0.1 ግራም ወርቅ፣ በሰከንድ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 10¹² ኒውትሮን በሚያልፍበት ፍላክስ ውስጥ ገብቷል። የወርቁ ክሮስ ሴክሽን፣ ማለትም ኒውትሮን የመያዝ ዕድሉ፣ ባርን በሚባለው የስፋት መለኪያ 98.7 ባርን ነው። በሰከንድ ስንት ኒውትሮን ይያዛል? ከጎኗ «1 b = 10⁻²⁴» ተጽፏል። በቃ። የምን 10⁻²⁴? የካሬ ሜትር ነው የካሬ ሴንቲሜትር? አይልም። መልሱ ግን 3 × 10¹⁴ ተብሎ በትልቁ ተከቧል።

ልጆቹ ምን ያድርጉ? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ «መለኪያው ካልተጻፈ ሜትር ነው» እየተባሉ ነው ያደጉት። ስለዚህ ካሬ ሜትር ነው ብለው ይይዙታል፣ ወደ ካሬ ሴንቲሜትር ሲቀይሩ በ10,000 ያባዛሉ፣ የሀንድአውቷም መልስ ቁጭ ይላል። መልሱ ስለገጠመ ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ባርን 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በካሬ ሜትር ከሆነ 10⁻²⁸ ነው። አሁን በትክክሉ እንስራው። ቀመሩ ይሄ ነው፦

R = N σ φ V

R በሰከንድ የሚያዘው የኒውትሮን ብዛት፣ σ ክሮስ ሴክሽኑ፣ φ ፍላክሱ ነው። N በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት አተሞች ብዛት ነው። የወርቅ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ነው፤ በአቮጋድሮ ቁጥር አባዝተን ለወርቅ አተማዊ ክብደት ለ197 ስናካፍል 5.9 × 10²² ይወጣል። V የወርቁ ይዘት ነው፤ 0.1ን ለ19.3 ስናካፍል 0.0052 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 3.06 × 10²⁰ አተም ይሰጣሉ። ይሄን በ98.7 × 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር፣ ከዚያ በ10¹² አባዙት። መልሱ በሰከንድ 3 × 10¹⁰ ነው። ሀንድአውቷ አስር ሺህ እጥፍ አብዝታዋለች።

ይሄን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። አንድ ኒውትሮን ሲያዝ አንድ የወርቅ አተም ይለወጣል። በሰከንድ 3 × 10¹⁴ አተም የሚለወጥ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ወርቅ በዚያው ፍጥነት በ12 ቀን ገደማ ባለቀ ነበር። በትክክለኛው መልስ ግን ከ300 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሌላም ማጣሪያ አለ። N እና σ ሲባዙ በሴንቲሜትር 5.8 ይመጣል። ስለዚህ ኒውትሮኑ በወርቅ ውስጥ ሳይያዝ በአማካይ 1.7 ሚሊሜትር ይጓዛል። በሀንድአውቷ ስሌት ከሄድን ግን ከአንድ ማይክሮሜትር ሩብ እንኳ ሳይጓዝ ይያዛል። እንደ ወረቀት የሳሳ ወርቅ ኒውትሮኑን ሁሉ አስቀረ ማለት እኮ ነው! ይቺን አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ማጣሪያ ለልጆቹ ያሳያቸው ሰው የለም።

ብሶቴ አላለቀም። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ፈጣን ኒውትሮን፣ 1 MeV» ይላል፤ ክሮስ ሴክሽኑ ግን አሁንም 98.7 ባርን ነው! ኧረ በፈጠራችሁ! 98.7 የሚሠራው በሰከንድ 2,200 ሜትር ለሚጓዝ ዘገምተኛ ኒውትሮን ነው፤ ኢነርጂው 0.0253 eV። በ1 MeV የወርቅ የመያዝ ክሮስ ሴክሽን ከአንድ ባርን በታች ነው። 4.9 eV አካባቢ ደግሞ ሬዞናንስ ስላለ፣ ማለትም ኒውክሊየሱ በዚያ ኢነርጂ የሚመጣውን ኒውትሮን በተለየ ቅለት ስለሚይዝ፣ በአስር ሺዎች ባርን ይደርሳል። ያው ወርቅ ነው፣ ያው ኒውክሊየስ ነው፤ የተለወጠው የኒውትሮኑ ኢነርጂ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ክሮስ ሴክሽን «የኒውክሊየሱ ስፋት ነው» ተብሎ ስለሚነገራቸው ነው። የወርቅ ኒውክሊየስ ስፋት በሬዲየሱ ሲሰላ አንድ ባርን ተኩል ገደማ ነው። ታዲያ 98.7 ከየት መጣ? ክሮስ ሴክሽን ኒውትሮኑ የመያዝ ዕድሉ በስፋት መለኪያ ሲነገር ነው፤ ከኒውትሮኑ ፍጥነት ጋር ይለዋወጣል። ኢነርጂው ያልተጻፈበት ክሮስ ሴክሽን ለስሌት አይሆንም።

መምህራን፣ እባካችሁ ከ10⁻²⁴ ጎን cm² ጻፉ፣ ከ98.7 ጎን ደግሞ 0.0253 eV ጻፉ። ሀንድአውቷ እጃችሁ ላይ ያለ ልጆች ደግሞ የተከበበውን ሰርዙና 3 × 10¹⁰ አድርጉት። ሁለተኛውን ጥያቄ በ1 MeV የሚሆነውን ክሮስ ሴክሽን ከሠንጠረዥ ሳታወጡ አትንኩት። ለታናናሾቻችሁ ኮፒ የምታደርጉትም የታረመውን ይሁን።