ማስተካከያ፦ ላላ ያለችው «በ» ፎኒም አይደለችም

«ባለፈው ጽሑፍህ ‹በር› እና ‹አበባ› ላይ ያሉት ‹በ›ዎች ሁለት ፎኒሞች ናቸው ብለሃል። ትርጉም የሚለዩበት ጥንድ ቃል ግን አጣሁ። የት አለ?»

የለም። ስህተቱ የእኔ ነው።

«በር» ስንል ከንፈር ግጥም ይላል። «አዲስ አበባ» ስንል ግን አይገጥምም፤ አየር በመሃል ሾልኮ ያልፋል። እኔም ልዩነቱን በጆሮዬ ስለሰማሁ ብቻ ሁለት ፎኒም ብዬ ቆጠርኩ። አንድን ድምፅ ፎኒም የሚያሰኘው ግን የቃልን ትርጉም መለየቱ ነው።

እንፈትሸው። ፒያሳ ታክሲ ውስጥ «ውሻው ነከሰኝ» በሉ። «ከ»ን በ«ቀ» ብትተኩ «ውሻው ነቀሰኝ» ይሆናል፤ ረዳቱም ንቅሳቱን አሳየኝ ይላችኋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ድምፅ ብቻ ትርጉሙን ቀየረው። ስለዚህ «ከ» እና «ቀ» ሁለት ፎኒሞች ናቸው። አሁን «አበባ»ን ከንፈራችሁን ገጥማችሁ በሉት። ትንሽ ይጎረብጣል እንጂ ያው አበባ ነው።

ላላ ያለችው «በ» የምትመጣው በአናባቢዎች መሃል፣ ሳትጠብቅ ስትቀር ነው። «አባ» ላይ ስለምትጠብቅ ከንፈር ይገጥማል። ቦታው ራሱ አነጋገሩን ይወስናል። እንዲህ ያለው አሎፎን ይባላል፤ የአንዱ ፎኒም ሌላ መልክ ነው።

ፊደልንም አትመኑ። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት ነው። አጻጻፉ አንድ፣ ፎኒሙ ግን የተለያየ።