እርማት፦ ካሎሪ በ50 በ50 ካልጨመሩ ስብ ይመለሳል?

«ማራኪ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ ጂም የሚሠራ ልጅ "በየሳምንቱ የቀን ምግብሽ ላይ 50 ካሎሪ ብቻ ጨምሪ፣ አለበለዚያ የቀነስሽው ስብ ሁሉ ይመለሳል" አለኝ። ለወራት በቀን 1,600 ካሎሪ ስበላ ቆይቻለሁ። አሁንም በሳምንት ግማሽ ኪሎ እቀንሳለሁ። እውነቱን ነው?»

አይደለም እህቴ። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ የምትቀንሺ ከሆነ በቀን 550 ያህል እየጎደለሽ ነው። ስለዚህ ክብደትሽ የሚረጋው 2,150 አካባቢ ነው። በ50 ከሄድሽ 11 ሳምንት ይፈጅብሻል። ያን ሁሉ ጊዜ ዳይት ላይ ነሽ፣ ረሃቡም አይለቅሽም።

ከነገ ጀምሮ 300 ጨምሪ፤ ምሳ ላይ እንጀራና ሽሮ ከፍ ብታደርጊ ይሞላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሪውን 250።

ብዙዎች የሚደናገጡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ሊዘል ይችላል። ስብ አይደለም። ጡንቻ የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ካርቦሃይድሬት ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል፤ የወጡ ጨውም ውሃ ይይዛል። በዚህ ደንግጠሽ ምግብ እንዳትቀንሺ! ጠዋት ጠዋት ተመዘኚና የሳምንቱን አማካይ አወዳድሪ። 2,150 ላይ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ አማካዩ አሁንም ከወጣ፣ 100 ቀንሺ።

ወደ ድሮው የምግብ መጠንሽ ግን አትመለሺ። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል።