እርማት፦ ስላይዱን የሚቆርጠው ፕሮጀክተሩ አይደለም

«ደብረ ሲና ላይ ስልጠና እሰጣለሁ። ያለው አሮጌ ፕሮጀክተር ስለሆነ ሰፊውን ስላይድ ግራና ቀኙን ይቆርጠዋል አሉኝ። PowerPoint ላይ Maximize ብዬ ወደ 4:3 ልቀይረው?»

ኧረ ወንድሜ፣ እንዳትነካው! የሚቆርጠው ራሱ Maximize ነው። ገጹ ሲጠብ ጽሑፉ መጠኑን አይቀንስም፤ ስለዚህ ዳር ያለው ከገጹ ውጭ ይቀራል።

ባለበት ብታሳየው ግን ሙሉው አንሶ ይወጣል። ፕሮጀክተሩ 1024 በ768 ነው እንበል። 16:9 ስላይድ እዚያ ላይ 1024 በ576 ይሆናል። ከላይና ከታች 96፣ 96 ፒክሰል ጥቁር ይቀራል፤ በቃ።

በ Maximize ፈንታ ሌላውን ምርጫ፣ Ensure Fit ብትልስ? አይቆርጥም፣ ግን ትርፉም ትንሽ ነው። 24 የነበረው ፊደል 18 ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ሲታይ መጠኑ ከቅድሙ ጋር እኩል ነው። ጥቁሩ ቦታ የስላይዱን ቀለም ይይዛል እንጂ ጽሑፉ አይጎላም። እኔ ይህን የተረዳሁት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ስቀይር አድሬ ነው።

ከኋላ የሚቀመጡት እንዲያነቡት ከፈለግህ ባለ 8 ዓምድ ሠንጠረዥ ካለህ ለሁለት ስላይድ ክፈለው።

ሰው ቀጥኖና ረዝሞ ከታየህ፣ የፕሮጀክተሩን Aspect ወደ Auto መልሰው። ካልሆነ የላፕቶፑን ጥራት 1024 በ768 አድርገው። ስትጨርስ ዳርዳሩን መስመር ያሰመርክበት አንድ ስላይድ ክፈት፤ አራቱም ማዕዘን ከታየ የተቆረጠ የለም።