ማስረጃው ሳይመረመር የሚሰጥ የጥፋተኝነት ቃል

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው ውሳኔ ላይ እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ በክፍላተ ሀገር ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡት ደግሞ 94 በመቶው የሚገኙት ተከሳሹ ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በማመኑ ነው። ምስክር ተሰምቶ፣ ማስረጃ ተመርምሮ፣ ዳኞች መክረውበት የሚሰጥ ፍርድ በዚያች አገር እምብዛም የማይታይ ነገር ሆኗል። አብዛኛው ክስ የሚያልቀው በዐቃቤ ሕግና በተከላካይ ጠበቃ መካከል በሚደረግ ድርድር ነው፤ ተከሳሹ ያምናል፣ በምላሹም ክሱ ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል።

ይህ አሠራር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። አንድ ከባድ ወንጀል በ12 ዜጎች ሸንጎ ፊት እንዲታይ ሸንጎውን መምረጥ፣ ምስክሮችን ከሥራቸው ማስቀረት፣ ባለሙያ ማስመስከር ያስፈልጋል፤ ለአንድ መዝገብ ብቻ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይሄዳሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 እንዳለው፣ እያንዳንዱ ክስ ሙሉ ክርክር ይደረግበት ቢባል የዳኞችና የችሎቶች ቁጥር በብዙ እጥፍ ማደግ ነበረበት። የተደፈረች ሴት በችሎት ቆማ የደረሰባትን ዳግመኛ ከመናገር ትድናለች፤ በእርግጥ ያጠፋ ሰውም ዕጣውን ቶሎ ያውቃል። እኔ የምቃወመው ድርድሩን ራሱን ሳይሆን፣ ማስረጃው ሳይመረመር የሚደረገውን ድርድር ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛነፍ ምን እንደሚከተል በቴክሳስ፣ የሂዩስተን ከተማ በምትገኝበት በሃሪስ ካውንቲ በግልጽ ታይቷል።

በዚያ አንድ ፖሊስ መኪና አስቁሞ አጠራጣሪ ዱቄት ወይም ፍርፋሪ ሲያገኝ፣ ዋጋው 2 ዶላር ገደማ በሆነ ትንሽ የመመርመሪያ ከረጢት ይፈትነው ነበር። በውስጡ ያለው ኮባልት ታዮሳያኔት የሚባል ኬሚካል ኮኬይን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ችግሩ ኮኬይን ያልሆኑ በርካታ ውህዶችም ሰማያዊ ያደርጉታል፤ በመንገድ ዳር፣ በሌሊት ብርሃን ቀለሙን የሚያነበው ደግሞ ኬሚስት ያልሆነ ፖሊስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢሄድ ዐቃቤ ሕጉ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ማቅረብ ይኖርበታል። ለማሰር፣ ለመክሰስና ለመደራደር ግን የከረጢቱ ቀለም ይበቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ላይ የሆነውን እንመልከት። ከሉዊዚያና ወደ ሂዩስተን በመኪና የመጣች አንዲት ሴት ትያዛለች፤ በመኪናው ወለል ላይ የተገኘው ፍርፋሪ በከረጢቱ ሲፈተን ኮኬይን ነው ተባለ። ሴትዮዋ የእኔ አይደለም ብትልም ታሰረች። በቴክሳስ ሕግ ከ1 ግራም በታች ኮኬይን መያዝ ከ180 ቀናት እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል። በቀረበችበት ችሎት የተመደበላት ጠበቃ የዐቃቤ ሕጉን ሐሳብ ነገራት፦ ካመነች 45 ቀን፣ ካላመነች ግን እስከ 2 ዓመት የሚደርስ አደጋ። ለዋስትና የሚሆን ገንዘብ የላትም፤ ቤቷ ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ ሥራዋና ቤተሰቧ እየጠበቋት ነው። አመነች፤ በመልካም ጠባይ ተቀንሶላትም በ21 ቀን ወጣች። ሥራዋንና የተከራየችውን ቤት ግን አጣች፣ በመዝገብም የከባድ ወንጀል ፍርደኛ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ላቦራቶሪው ፍርፋሪውን ሲመረምር የተከለከለ ዕፅ አልነበረም፤ ይህን እሷ ያወቀችው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

በእሷ ቦታ የቆመ ንጹሕ ሰው ምን እንደሚመርጥ በእርጋታ ማሰብ ያስፈልጋል። ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት የሚችለው የላቦራቶሪው ውጤት ነው፤ ውጤቱ የሚመጣው ደግሞ ከሳምንታት፣ ምናልባትም ከወራት በኋላ ነው። ዋስትና ካልከፈለ ያንን ጊዜ የሚያሳልፈው በእስር ነው። ስለዚህ እውነቱን ይዞ መጠበቅ፣ ሐሰት ተናግሮ ቅጣቱን ከመቀበል የበለጠ እስር ያስከትላል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አላስፈራራውም፤ ስሌቱ ብቻውን ያሳምነዋል። ገንዘብ ኖሮት በዋስ የወጣው ግን ያንኑ ውጤት ከቤቱ ሆኖ ይጠብቃል።

ዳኛው ይህን ለምን አላየም? ዳኛው በሕጉ መሠረት ጠይቋል፦ በፈቃድህ ነው የምታምነው? የተገባልህ ሌላ ቃል አለ? ያስገደደህ አለ? መውጣት የሚፈልግ ሰው ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። የቴክሳስ ሕግ ከማመኑ በተጨማሪ ፍርዱን የሚደግፍ ማስረጃ ይኑር ቢልም፣ ተከሳሹ ፈርሞ የሚያቀርበው የእምነት ቃል ራሱ እንደ ማስረጃ ተቀባይነት አለው። እንዲህ ሲሆን በተከሳሹ ላይ የሚፈርደው ማስረጃው ሳይሆን ተከሳሹ ራሱ ይሆናል፤ ለእኔ የአሠራሩ ዋና ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የተገለጠው የሂዩስተን ላቦራቶሪ ተከሳሹ ካመነ በኋላም የደረሰውን ናሙና መመርመሩን ስለቀጠለ ነው። መዝገቡ ተዘግቷል ተብሎ ናሙናው በሚወገድበት ቦታ እንዲህ ያለ ስሕተት መኖሩ ጨርሶ አይታወቅም። በ2015 ብቻ በሃሪስ ካውንቲ ዕፅ ይዘዋል ተብለው የተፈረደባቸው 42 ሰዎች ነጻ መሆናቸው ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይደርስ በእንዲህ ያሉ ክሶች ላይ የጥፋተኝነት ቃል መቀበል አቆመ፤ የሂዩስተን ፖሊስም በ2017 የመንገድ ላይ ምርመራውን ተወ። ድርድሩ አልቀረም፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ። ውጤት ይጠበቅ ከተባለ፣ በዋስ ያልወጣው ድሃ በ3 ቀን ሊወጣ የሚችልበትን መንገድ ዘግተንበት በእስር እንዲቆይ አደረግነው ማለት ነው። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልሱም ወደ ድሮው መመለስ ሳይሆን፣ ማስረጃው ገና ያልተመረመረበትን ተከሳሽ በቀላል ክስ ያለ ገንዘብ ዋስትና መልቀቅ ነው። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ የመጀመሪያው ለብቻው ጉዳት አለው።

በአሜሪካ ለሚኖር ዜግነት ላልወሰደ ወገናችን ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ኮኬይን ይዣለሁ ብሎ ያመነ ሰው 45 ቀን ታስሮ ቢወጣም፣ ግሪን ካርድ ቢኖረው እንኳ ከአገር ሊባረር ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት። ስለዚህ ተከሳሹ ከመፈረሙ በፊት ዜጋ አለመሆኑን ለጠበቃው ተናግሮ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚያስከትለውን መጠየቅ አለበት።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የጥፋተኝነት ድርድርን ተቀብሎታል፤ የመዝገብ ክምችት ላስጨነቀው ፍርድ ቤት መፍትሔው ማራኪ መሆኑም ይገባኛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134፣ ተከሳሹ ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው እንደሚችል ይደነግጋል፤ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ግን ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ እንዲያቀርብ ማዘዝ ይችላል። እስካሁን ይህ ለዳኛው ፈቃድ የተተወ ነው። በቅጣት ቅነሳ የሚገኝ እምነት የሕግ መሠረት የሚሰጠው ከሆነ፣ ያ ፈቃድ ቢያንስ ተከሳሹ በእስር ላይ እያለ ላመነባቸው ክሶችና የባለሙያ ምርመራ ለሚሹ ማስረጃዎች ወደ ግዴታ መለወጥ አለበት፤ ፍርድ ቤቱም ምርመራው ከመጠናቀቁ በፊት የቀረበለትን ስምምነት እንዳይቀበል ሕጉ በግልጽ ሊከለክለው ይገባል።