እርማት፦ የጎማው ዳር ቀድሞ አይዞርም

«የጎማ ዳር ከመሃሉ ይፈጥናል አይደል? ስለዚህ ማዕዘናዊ ፍጥነቱም ይበልጣል።»

የመጀመሪያው ልክ ነው፤ «ስለዚህ» ካልክ በኋላ ያለው ግን ስህተት ነው። ብስክሌትህን ገልብጠህ በመቀመጫውና በመሪው አቁመው። አንድ ነጥብ በጎማው ዳር፣ ሌላውን ወደ መሃል ጠጋ አድርገህ በአንድ መስመር ላይ በቾክ አድርግና አዙረው። ሁለቱም እኩል ዞረው እኩል ይመለሳሉ። አንዱ ቢቀድም ኖሮ ጎማው ይጣመም ነበር! ማዕዘናዊ ፍጥነታቸው፣ ማለትም በሴኮንድ የሚዞሩት ማዕዘን፣ አንድ ነው። የሚለየው በሴኮንድ የሚሄዱት ርቀት ነው።

ማዕዘኑንና ርቀቱን የሚያገናኘው ራዲያን ነው። ከጎማው መሃል እስከ ዳሩ የሚደርስ ክር ቁረጥ። ክሩን በጎማው ዳር ላይ ጠምዝዘህ ለጥፈው። ክሩ የሸፈነው ማዕዘን 1 ራዲያን ነው፤ ወደ 57.3 ዲግሪ። ሙሉ ዙሩን ለመሸፈን እንዲህ ያለ ክር 6.28 ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም 2π ነው። ስለዚህ ራዲያኑን በሬዲየሱ ስታባዛ ነጥቡ ዞሮ የሄደው ርቀት ይወጣል። በሴኮንድ የሚዞረውን ራዲያን ω፣ ሬዲየሱን r፣ በሴኮንድ የሚሄደውን ርቀት v ካልነው፦

```
v = ω × r
```

ጎማው በሴኮንድ 2 ጊዜ ቢዞር ω 12.57 ራዲያን በሴኮንድ ነው። 0.35 ሜትር ላይ ያለው የዳር ነጥብ በሴኮንድ 4.4 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ። 0.20 ሜትር ላይ ያለው ግን 2.5 ሜትር ብቻ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በራዲያን ፈንታ 720 ዲግሪ ያስገባል። 720 × 0.35 በሴኮንድ 252 ሜትር ይሆናል። ይሄ የጄት አውሮፕላን ፍጥነት እንጂ የብስክሌት አይደለም።