ሙሽራው ለመልሱ ደረሰ

እ.ኤ.አ. በ2012 በሰኔ መጨረሻ ዋሽንግተንና አካባቢዋን ኃይለኛ ነፋስ መታ። ዛፉ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ወደቀና ሰፈራችን ለ4 ቀን ጨለማ ዋጠው። አሜሪካዊው ጎረቤቴ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፤ ፊቱ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ይመስላል። እኔ ግን ሻማዬን ለኩሼ ለአዲስ አበባ ወዳጆቼ አንድ «ሰበር ዜና» ላክሁ፦ «በአሜሪካ መብራት ጠፋ፤ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች አገር ቤት ያሉ ያህል እንደተሰማቸው ገለጹ።»

የስላቅ ርዕስ መጻፍ በዚያ ጀመረኝ።

እዚህ አገር ይሄ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኦንየን የሚባለው የስላቅ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1988 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ማዲሰን ከተማ ተመሠረተ። እዚያ መጀመሪያ የሚጻፈው ርዕሱ ነው። ጸሐፊዎቹ ክምር ርዕስ ይዘው ይመጣሉ፤ አብዛኛው ይጣላል፤ ዜናው የሚጻፈው ለተረፈው ብቻ ነው። የሚወዱት ዘዴ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ የሰፈር ሰው ወስደው፣ ሸሚዙ ላይ ቡና መድፋቱን እንደ ጦርነት መግለጫ ማቅረብ ነው። ትንሹን ነገር ያገዝፉታል።

ይህን ዘዴ ለአዲስ አበባ ልጠቀምበት ብዬ ወደቅሁ። የእኛ ብሶት መች ትንሽ ሆነና! «መብራት ለ3 ቀን ጠፋ» ብል ማንም አይስቅም፤ እውነት ነዋ። «ለ300 ዓመት ጠፋ» ብልም ማንም አይስቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያበዛሁት። ብዙ ሰው ማጋነን ሲባል ቁጥር መቆለል ይመስለዋል። ቀልዱ የመጣልኝ ነገሩን ስገለብጠው ነው፦ «ለ40 ደቂቃ ሳይቋረጥ የበራ መብራት ነዋሪዎችን ስጋት ላይ ጣለ።» እዚህ ርዕስ ውስጥ መብራት ጠፋ የሚል ቃል የለም። አንባቢው ራሱ ነው የሚሞላው። 40 ደቂቃ የምትለዋም ዝም ብላ አልገባችም። «ለረጅም ጊዜ» ቢባል ዜና አይመስልም።

ሌላው ልዩነት ከቋንቋው ይመጣል። በእንግሊዝኛ አስቂኙን ቃል ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በአማርኛ ጫፉ የግሱ ነው። ስለዚህ ቦምቡ ከግሱ ጥግ መቀመጥ አለበት። በመጀመሪያ «በመንገድ መዘጋጋት ምክንያት ሙሽራ ለመልሱ ብቻ የደረሰው ከጦር ኃይሎች ወደ ሲኤምሲ ለሠርግ ሲጓዝ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ሞተ። «ለሠርጉ ከጦር ኃይሎች ወደ ሲኤምሲ የተነሳው ሙሽራ ለመልሱ ደረሰ» ስል ግን ዳነ። ምክንያቱን አልነገርኩም፤ ያንን መንገድ የሚያውቅ ምን ንገረኝ ይላል?

ደግሞ የራሳችን ሀብት አለን፦ «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «በድምቀት ተመረቀ»። ማን እንደገለጸው አይታወቅም፤ ፊቱ አይፈታም። በዜና ያደግን ሰዎች ጆሮ ውስጥ ስኬት ብቻ የሚያወሩ ግሶች ናቸው። ብሶቱን እነሱ ላይ ስትሰቅለው ቀልዱ ተሠራ ማለት ነው። «በሰልፉ ውስጥ ሰልፉ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዳልተገኘ ተገለጸ።» ወይም ባንክ ቤት፦ «‹ሲስተም የለም› የተሰኘው አገልግሎት ያለምንም መቆራረጥ እየተሰጠ ነው ተባለ።»

በዚሁ ዘዴ በዋሽንግተን ባቡር ላይም ይቀናኛል ብዬ ሞክሬ ነበር። በአቅራቢያዬ ያለው የዊተን ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲቆም በእግር መውጣት ነው። «ደረጃው ደረጃ ሆኖ እንዲቀጥል ተወሰነ» አልኩ። እዚህ ያሉት ሳቁ። አዲስ አበባ ያሉት «ታዲያ ምን አለበት፣ ደረጃ አይደል?» አሉኝ።

አንዴ ግን ቀልዴ ከሸፈ። «ከነገ ጀምሮ መብራት በፈረቃ እንደሚሆን ተገለጸ፤ ፈረቃው በዓመት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ቆርጦ አስተላለፈው። አክስቴ ጋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእውነት ፈረቃ አይታለች፤ ስለዚህ አልተጠራጠረችም፤ በነጋታው ሁለት ጆንያ ከሰል ገዛች። ያኔ የገባኝ፣ ሰው አንብቦ ገንዘቡን ሊያወጣበት ወይም ከቤት ሊወጣበት የሚችል ርዕስ ወሬ እንጂ ስላቅ አለመሆኑን ነው። ሙሽራውን አንብቦ ከሰል የሚገዛ የለም። ግማሹ ተቆርጦ ቢቀር ምን ይሆናል ብዬም አያለሁ አሁን።

ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩ። «ግድ የለም ልጄ፣ ከሰሉም ይሠራል» አለችኝ። በማግስቱ በድምፅ መልእክት፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ አውጥታ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ነዋሪነታቸው በአሜሪካ የሆነ አንድ ግለሰብ፣ ‹በሳምንቱ እደውላለሁ› ማለታቸውን ለ6ኛ ጊዜ አረጋገጡ።»